ዛሬ 2 ሚሊዮን ወይስ ከሁለት ዓመት በኋላ 2.6?

«መኪናዬን ልሸጥ ነው። ገዢው ዛሬ በካሽ 2 ሚሊዮን፣ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ ጊዜ 2.6 ሚሊዮን እከፍላለሁ ይላል። 600 ሺህ ብር ዝም ብሎ ይታለፋል?» (አዲስ አበባ)

መጀመሪያ 600 ሺውን ይርሱት። መታየት ያለበት ያ 2.6 ሚሊዮን ዛሬ ስንት ያወጣል የሚለው ነው። ለዚህ ደግሞ ብሩ ዛሬ እጅዎ ቢገባ በዓመት ስንት ያስገኝልዎት እንደነበር ይወቁ።

ባንክ ቁጠባ ላይ በ7 በመቶ የሚያስቀምጡት ከሆነ አንድ ብር በዓመቱ 1.07 ይሆናል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ጊዜ በ1.07 ያካፍሉ፦

2,600,000 ÷ 1.07 ÷ 1.07 = 2,270,941

ስለዚህ መጠበቁ ያዋጣል። ነጋዴ ከሆኑና ብሩን አገላብጠው በዓመት 16 በመቶ የሚያተርፉበት ከሆነስ?

2,600,000 ÷ 1.16 ÷ 1.16 = 1,932,224

አሁን የዛሬው 2 ሚሊዮን በለጠ። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት 14 በመቶ ላይ ነው። ገዢው ሳያውቀውም ቢሆን ከእርስዎ በዓመት 14 በመቶ ወለድ የሚከፈልበት ብድር ጠይቋል ማለት ነው። ብዙ ሰው 30 በመቶውን ለሁለት አካፍሎ «15 ነው» ይላል። ልክ አይደለም፤ በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያው ዓመት ወለድም ወለድ ይወልዳል።

«ግን የኑሮ ውድነቱስ? እሱንም በላዩ ላይ መቀነስ የለብኝም?» (ሐዋሳ)

ሁለቴ እንዳይቀንሱት እንጂ! ባንክ የሚነግርዎት 7 በመቶም ሆነ የንግድዎ 16 በመቶ በዛሬ ብርና በነገ ብር የተሰላ ስለሆነ የዋጋ ንረቱ እዚያው ውስጥ አለ። በእነሱ ካካፈሉ በኋላ እንደገና ለዋጋ ንረት ከቀነሱ የወደፊቱን ክፍያ ያለ አግባብ ያረክሱታል።

ንረቱ ቦታ የሚያገኘው ቁጥሩን ሲመርጡ ነው። ብሩን ቶሎ ሲሚንቶና ብረት ልትገዙበት ከሆነ፣ የእነዚያ ዕቃዎች ዋጋ በዓመት የሚጨምርበት መጠን ከባንክ ወለድ የተሻለ መለኪያ ነው። ዕዳ ካለብዎት ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው፦ በ18 በመቶ የተበደሩ ሰው በ1.18 ያካፍሉ። ዛሬ የሚገባው ብር የሚያድንዎት ያንን ወለድ ነውና።

«ዕቁባችን አሥር ሰው፣ በወር 20 ሺህ ነው። ዕጣዬ ሁለተኛ ወር ላይ ወጣ። አሥረኛው ላይ የደረሰው ጓደኛዬ 10 ሺህ ብር ልስጥህና እንቀያየር አለኝ። ልስማማ?» (ባሕር ዳር)

ወርሃዊ መዋጮህ በሁለቱም መንገድ ያው ስለሆነ ከሂሳቡ ይውጣ። የቀረው 200 ሺውን ስምንት ወር ማዘግየት ነው። በባንክ ቁጠባ 7 በመቶ ብታሰላው መዘግየቱ የሚያስከፍልህ 8,800 ብር ገደማ ነው፤ 10 ሺው ይበቃል። ብሩ በወር 1 በመቶ የሚሠራልህ ከሆነ ግን 200,000ን በ1.01 ስምንት ጊዜ ስታካፍለው 184,697 ይመጣል። ያኔ 15,300 ብር ገደማ ታጣለህ፤ 10 ሺህ አይካካስም። እኔ ብሆን 16 ሺህ እጠይቅ ነበር። ሰውየው አጣዳፊ ጉዳይ ባይኖረው ኖሮ መጀመሪያም አይመጣም።

«ገዢው ዘመድ ነው፤ ይከፍላል ብዬ አምናለሁ። ይሄ ሂሳብ ውስጥ ይገባል?» (አዳማ)

በደንብ ይገባል። የመጀመሪያውን መኪና እንውሰድ። የሁለት ዓመቱ ክፍያ ከአሥር ዘጠኝ ዕድል አለው ብንል፣ 2.6 ሚሊዮኑ በአማካይ 2.34 ሚሊዮን ሆነ ማለት ነው። በ7 በመቶ ወደ ዛሬ ስናመጣው 2,043,847 ይሆናል። ያ 270 ሺህ ብልጫ ወደ 44 ሺህ ወረደ! «ከአሥር ዘጠኝ» ደግሞ ለዘመድ የሚሰጥ ጥሩ ግምት ነው፤ እኔ አንዳንዶቹን አውቃቸዋለሁ።

እንግዲህ መጠበቅ ካለብዎት ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ቀኑም ይጻፍ፣ ዋስ ወይም መያዣ ይጠይቁ። ስመ ንብረቱንም ክፍያው ሳያልቅ አያዛውሩ። ገዢው ይህን ሁሉ እምቢ ካለ ከአሥር ዘጠኙን ወደ ሰባት ያውርዱት።

«እኔ ቨርጂኒያ ነኝ። አገር ቤት የሸጥኩት ቤት ክፍያ ከዓመት በኋላ በብር ይመጣል። በአሜሪካ ወለድ ላስላው?»

አይሆንም። በብር የሚመጣ ገንዘብ በብር ወለድ ነው የሚካፈለው፤ ከዚያ በዛሬው ምንዛሪ ወደ ዶላር ይለወጣል። በአሜሪካ ወለድ ካካፈልሽው ብሩ ዓመቱን ሙሉ ከዶላር ጋር እኩል ይቆማል ብለሽ እንደመገመት ነው።

ሐምሌ 2016 ላይ የሆነውን አስታውሺ። ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በ57 ሲሰላ 17,500 ዶላር ገደማ የነበረ አንድ ሚሊዮን ብር ከ10 ሺህ ዶላር በታች ሆነ። ስለዚህ ወይ በውሉ ላይ ክፍያውን አሳጥሪ፣ ወይ ዋጋውን ዛሬ ከፍ አድርጊ። ብሩን እዚያው አገር ቤት የምታወጪው ከሆነ ግን ስለ ዶላሩ አትጨነቂ፤ በብር ብቻ አስቢው።