አረንጓዴ ኩሬ ውስጥ ዓሣ ለምን ንጋት ላይ ይሞታል?

ሰሞኑን አንድ ወጣት ዓሣ አርቢ «አልጌ ኦክስጅን ያመርታል ይባላል፤ ኩሬዬ ደግሞ በአልጌ አረንጓዴ ነው። ታዲያ ዓሦቼ ለምን ሌሊት አለቁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ድሮ ያየሁት አንድ ኩሬ ትዝ አለኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ተጠርቼ ስደርስ ገና ጎህ መቅደዱ ነበር። ትልልቆቹ ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈዋል። ትንንሾቹ አፋቸውን ውሃው ገጽ ላይ ደቅነው አየር አየር ይላሉ። ባለቤቱ «መርዝ ጨምረውብኝ ነው» ብሎ ጎረቤቱን ሊከስ ተነስቷል። መርዝ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚቀድሙት ትንንሾቹ ናቸው፤ ኦክስጅን ሲያንስ ግን ትልልቆቹ። ቀኖቹ ደመናማ ነበሩ፤ እሱም መኖ አልቀነሰም።

ዓሣ የሚተነፍሰው በስንጥቡ ነው፤ የአንዱን ዓሣ የስንጥብ ክዳን ገልጬ አሳየሁት። ዓሣ ውሃ በአፉ ይጎርስና በዚያ ክዳን ሥር ያስወጣዋል። ውሃው በመሃል እጅግ ስስ በሆኑ ንጣፎች መካከል ያልፋል። እዚያ ውስጥ ደሙ ከውሃው በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈሳል። ስለዚህ ኦክስጅን ይዞ ሊወጣ የተቃረበው ደም፣ ገና ከገባውና ብዙ ኦክስጅን ካለው ውሃ ጋር ይገናኛል። ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ቢፈሱ ኖሮ መሃል ላይ እኩል ይሆኑና ዝውውሩ ይቆም ነበር። በዚህ መንገድ አንዳንድ ዓሦች ከሚያልፈው ውሃ ኦክስጅን እስከ 80 በመቶ ይወስዳሉ።

ግን ስንጥብ ውሃው ውስጥ የሌለውን ኦክስጅን አያመጣም። አንድ ሊትር አየር ወደ 270 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ25 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ 8 ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። አልጌ ደግሞ ኦክስጅን የሚያመርተው ቀን በብርሃን ነው፤ ሌሊት እንደ ዓሣው ይተነፍሳል። ደመና ሲሆን የቀኑ ምርት ያንሳል፣ የሌሊቱ ፍጆታ ግን አይቀንስም።

የሚቆጨኝ ይህ ሁሉ ማታውኑ መታወቅ ይችል ስለነበር ነው። ምሽት 12 ሰዓት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለኩ፣ ከዚያ 3 ሰዓት ላይ ድገሙ። 8 የነበረው ሚሊግራም 6 ከሆነ፣ በየሦስት ሰዓቱ 2 እየወረደ ነው። በዚሁ ከቀጠለ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ 2 ይደርሳል፤ ብዙ ዓሣ እዚያ ይጨነቃል፣ ንጋት ላይ ደግሞ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ ዓሣው እስኪያዛጋ ሳትጠብቁ ውሃውን በፓምፕ ወደ ላይ እየረጫችሁ አየር አስገቡበት።

የዛሬ ልጆች ስለ ኩሬ ቪዲዮ ማየት ትወዳላችሁ፣ ኩሬ ዳር ማምሸት ግን ብዙዎቻችሁ አትወዱም። መለኪያ ከሌላችሁ ዓይናችሁም ይበቃል ማለት ይቻላል፤ ግን ዓይን የሚያየው ዓሣው ከተጨነቀ በኋላ ነው። ጠዋት ደግሞ ፀሐይዋ ሞቅ ሳትል መኖ አትስጡ፤ ምግብ መፍጨትም ኦክስጅን ይፈልጋል።