ደም ውስጥ የማይገባ መድኃኒት የደም ኮሌስትሮልን እንዴት ይቀንሳል?

«ሐኪሜ ኮሌስቲራሚን የሚባል በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት አዘዘችልኝ። ወረቀቱ ላይ መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም አይገባም ይላል። ካልገባ ደሜ ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል በምን ሊቀንሰው ነው? ጠዋት ጠዋት የታይሮይድ ክኒን (ሌቮታይሮክሲን) እወስዳለሁ፤ አብሮ ይሄዳል?»

ደሙን የሚያጸዳው ዱቄቱ ሳይሆን ጉበትዎ ነው። ዱቄቱ አንጀት ውስጥ ሆኖ ጉበቱን እንዲሠራ ያስገድደዋል።

ሰውነታችን ስብንና ስኳርን ያቃጥላል፤ ኮሌስትሮልን ግን ማቃጠል አይችልም። የሞለኪዩሉን ቀለበቶች የሚፈታ ኢንዛይም የለንም። ስለዚህ ዋናው መውጫው አንድ መንገድ ነው፦ ከጉበት ወደ ሐሞት፣ ከሐሞት ወደ አንጀት፣ ከዚያ ከሰገራ ጋር ወደ ውጭ። ከፊሉ እንዳለ ኮሌስትሮል ሆኖ ይወጣል፤ ከፊሉን ደግሞ ጉበት መጀመሪያ ወደ ሐሞት አሲድ ይለውጠዋል። የሐሞት አሲድ እንደ ሳሙና ነው፤ አንዱ ጎኑ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ስብ። ምግብ ስንበላ ሐሞት ከረጢት ተጨምቆ ወደ ትንሹ አንጀት ያፈሰዋል፤ እዚያ ስቡን አቅልጦ እንዲፈጭና እንዲመጠጥ ያደርገዋል።

ነገሩ የሚገርመው ከዚህ በኋላ ነው። ሰውነት ይህን ሳሙና አንዴ ተጠቅሞ አይጥለውም። የትንሹ አንጀት የመጨረሻው ክፍል ለቅሞ ወደ ደም ይመልሰዋል፤ ደሙም በቀጥታ ወደ ጉበት ይወስደዋል፤ ጉበት እንደገና ይረጨዋል። በሰውነት ውስጥ ያለው የሐሞት አሲድ በሙሉ ቢሰበሰብ 3 ግራም ገደማ ነው። ይህችው 3 ግራም በቀን 8 ጊዜ ያህል ብትዞር አንጀት ውስጥ በቀን 24 ግራም ያልፋል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ በሰገራ የሚጠፋው ግማሽ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ጉበትም የጎደለውን ግማሽ ግራም ያህል ከኮሌስትሮል ሠርቶ ይተካል። እንግዲህ በሩ ክፍት ቢሆንም በጣም ጠባብ ነው፤ ከወጣው አብዛኛው ከመንገድ ይመለሳል።

ኮሌስቲራሚን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሬዚን ነው፤ ውሃ የማያሟሟው፣ ኢንዛይም የማይፈጨው፣ በአንጀት ግድግዳ ለማለፍ በጣም የገዘፈ ሞለኪዩል። በላዩ ላይ ብዙ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ቦታዎች አሉት፤ እሽጉ ሲከፈት እያንዳንዱ ቦታ ክሎራይድ ይዟል። የሐሞት አሲድ ኔጋቲቭ ነው። አንጀት ውስጥ ሲገናኙ ሬዚኑ ክሎራይዱን ለቆ የሐሞት አሲዱን ይይዛል፤ እንደያዘውም አብሮት ይወጣል። አንጀቱ መልሶ ሊለቅመው አይችልም።

ጉበት ሐሞት አሲዱ እንደወትሮው ሳይመለስለት ሲቀር «በቂ አለ» የሚለው ምልክት ይዳከማል፤ ኮሌስትሮልን ወደ ሐሞት አሲድ የሚለውጠው ኢንዛይም ይነቃና ምርቱ ይጨምራል። ለዚህ የሚፈጀው ኮሌስትሮል ከራሱ ከጉበቱ ሴል ነው የሚወሰደው። ደም ውስጥ አብዛኛውን ኮሌስትሮል ተሸክሞ የሚዞረው ቅንጣት ኤልዲኤል ይባላል፤ ሴሉ ሲጎድልበት ገጹ ላይ የኤልዲኤል ተቀባዮችን ያበዛል፤ እነሱም በአጠገባቸው ከሚያልፈው ደም ኤልዲኤልን እየጎተቱ ያስገባሉ። የደምዎ ቁጥር የሚወርደው በዚህ ነው።

ይህን ካወቁ የመድኃኒቱ ድክመትም ግልጽ ይሆናል። ኮሌስትሮል የጎደለው የጉበት ሴል ከደም መሳብ ብቻ ሳይሆን ራሱም ማምረት ይጨምራል፤ አንድ በር ሲከፈት ሌላ ቧንቧ ይለቀቃል እንደማለት ነው። ሬዚን ለብቻው ኤልዲኤልን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 በመቶ ቀንሶ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ስታቲን የሚባለው ሌላው የኮሌስትሮል መድኃኒት ደግሞ የሚዘጋው ያንኑ የማምረቻ ቧንቧ ስለሆነ ሁለቱ አብረው ሲታዘዙ ውጤቱ ይደመራል። በተቃራኒው ከእናትም ከአባትም በወረሱት ጉድለት የሚሠራ የኤልዲኤል ተቀባይ ጨርሶ የሌላቸው ሰዎች ላይ ሬዚን ብዙም አይፈይድም፤ የሚበዛ ተቀባይ የለማ!

ውጤቱ በአንድ ወር ውስጥ ስለሚታይ ምርመራው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ቢደገም ይበቃል። ሲደገም ግን ጠቅላላ ኮሌስትሮሉን ብቻ አይመልከቱ። ለምሳሌ በሚሊግራም በዴሲሊትር ሲለካ መጀመሪያ ጠቅላላው 270፣ «ጥሩ» የሚባለው ኮሌስትሮል ኤችዲኤል 45፣ የደም ስብ የሆነው ትራይግሊሰራይድ 175 ነበር እንበል። የተለመደው ስሌት ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን እና የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ መቀነስ ነው፤ 270 ሲቀነስ 45 ሲቀነስ 35፣ ኤልዲኤል 190 ይሆናል። ከመድኃኒቱ በኋላ ጠቅላላው 239፣ ኤችዲኤል ያው 45፣ ትራይግሊሰራይድ 210 ቢመጣ ኤልዲኤል 152 ነው። ጠቅላላው 31 ብቻ ወረደ፤ ኤልዲኤል ግን 38፣ ማለትም 20 በመቶ። ልዩነቱን የበላው የትራይግሊሰራይድ መጨመር ነው። የሐሞት አሲድ ጉበት ትራይግሊሰራይድ እንዳያበዛ የሚገታ መልእክትም ስለሚያደርስ፣ እሱ ሲቀንስ ልጓሙ ይላላል። መጀመሪያውኑ ትራይግሊሰራይዱ ከ400 በላይ የሆነ ሰው ይህን ዱቄት ባይጀምር ይሻላል፤ ይህ ስሌትም ከዚያ በላይ አይታመንም።

አወሳሰዱ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በሰዓቱ ነው። ባዶ ሆድ ላይ የተወሰደ ሬዚን አንጀት ውስጥ የሚይዘው ሐሞት ትንሽ ነው። ሐሞት የሚፈስሰው ሲበላ ስለሆነ ከምግብ ጋር ይውሰዱት። 9 ግራም የሚመዝን እሽግ ውስጥ ያለው ሬዚን 4 ግራም ነው፤ የቀረው ስኳርና ማጣፈጫ ስለሆነ ስኳር ሕመም ካለብዎ ስኳር የሌለበትን ይጠይቁ። ዱቄቱን በደረቁ መዋጥ ጉሮሮ ላይ አብጦ ሊያንቅ ይችላል። ከ60 እስከ 180 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ በጥብጠው ይጠጡት፤ አይሟሟም፣ አሸዋ መስሎ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ያ ብልሽት አይደለም። ጥርስ ስለሚጎዳ አፍ ውስጥ አያቆዩት። ዋናው ችግር የሆድ ድርቀት ነው፤ የሚመጣውም በአብዛኛው መጠኑ በፍጥነት ሲጨምር ነው። በቀን በ4 ግራም ጀምሮ፣ ውሃ እያበዙ፣ ቀስ በቀስ ሐኪምዎ ወዳዘዘችው መጠን መውጣት ይሻላል።

አሁን ወደ ታይሮይዱ ክኒን። ሬዚኑ የሐሞት አሲድን ለይቶ አያውቅም፤ ሌቮታይሮክሲንንም ይይዛል። ሌሎች እንደ ዋርፋሪንና ዲጎክሲን ያሉ መድኃኒቶችም እንዲሁ ይያዛሉ። የተለመደው ደንብ ሌላውን መድኃኒት ከዱቄቱ 1 ሰዓት በፊት ወይም ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ መውሰድ ነው፤ ለሌቮታይሮክሲን ግን 1 ሰዓት አይበቃም፣ ቢያንስ 4 ሰዓት ይራቃቸው። ስለዚህ ክኒኑን ጠዋት 12 ሰዓት ከወሰዱ ዱቄቱን ከቁርስ ጋር አያድርጉት። ከምሳ ጋር 6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሁለተኛ መጠን ካለ ደግሞ ከእራት ጋር ይውሰዱት። መራራቁ ሳይበቃ ሲቀር የሚታየው ድካም፣ ብርድ መጥላትና ታይሮይድን የሚያነቃቃው ሆርሞን የቲኤስኤች መጨመር ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ደግሞ ራሱ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል፤ ዱቄቱን እየወሰዱ ኮሌስትሮሉ አልወርድ ካለ መጠኑን ከማስጨመርዎ በፊት ቲኤስኤች ያስለኩ። ዱቄቱን ከጀመሩ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቢለካ እውነቱን ያሳያል።