ባለቁልፍ ስልክና ቴሌብር፦ ሲሙ በማን ስም ነው?

«እናቴ አሞራ ገደል ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። የባንክ ደብተር የላትም፣ ስልኳም ባለቁልፍ ነው። ደንበኞቿ ግን በቴሌብር እንላክልሽ ይሏታል። ያለ ባንክ ይሆናል? ምንስ ይጠቅማታል?»

እህቴ፣ ይሆናል። ኢንተርኔትም አያስፈልጋቸውም። ሂሳቡ የሚከፈተው በስልክ ቁጥራቸው ነው፤ በባለቁልፍ ስልክ *127# ብለው ሲደውሉ ዝርዝሩ ይመጣላቸዋል። ከካርድ ሂሳባቸው ጋር ግን አንድ አይደለም። ለመደወያ የሞሉት ካርድ ጥሬ ገንዘብ ሆኖ አይወጣም፣ የቴሌብሩ ብር ግን ወኪል ጋ ሄደው በእጃቸው የሚቀበሉት ነው።

ከምንም በፊት ሲሙ በማን ስም እንደወጣ አጣሪ። ብዙ እናቶች የሚይዙት ልጅ ወይም የወንድም ልጅ በራሱ መታወቂያ ያወጣውን ሲም ነው። ለመደወል ችግር የለውም። ብር ሲቀመጥበት ግን የሂሳቡ ባለቤት መታወቂያው ላይ ያለው ሰው ይሆናል። ስልኩ ቢጠፋ ብሩ አብሮ አይጠፋም፤ መታወቂያ ይዞ ቴሌ አገልግሎት ማዕከል ሄዶ ያንኑ ቁጥር በምትክ ሲም ማውጣት ይቻላል። ሲሙ በሌላ ስም ከሆነ ግን ያ ሰው ራሱ መምጣት አለበት፣ እሱ አረብ አገር ከሄደ ደግሞ እናትሽ የገዛ ብራቸውን ማግኘት ይቸገራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሲሙን በስማቸው አዙሩ፣ ከዚያ ተመዝግበው የሚስጥር ቁጥራቸውን ራሳቸው ያውጡ። የትውልድ ዓመት ወይም 123456 እንዳይሆን።

ወደ ሥራው እንምጣ። አንድ ደንበኛ ዓሣ በልቶ 450 ብር ላከላቸው እንበል። መልእክቱ የሚመጣው 127 ከሚል ላኪ ነው። ከተራ የስልክ ቁጥር «450 ብር ተልኮልዎታል» የሚል ጽሑፍ ቢመጣ አጭበርባሪው ራሱ የጻፈው ነው። የደንበኛውን ስልክ አይቶ ማመንም አይበቃም፣ የቆየ መልእክት ወይም ፎቶ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው አንድ ነው፦ በራሳቸው ስልክ *127# ገብተው ቀሪ ሂሳብ ማየት። በፊት 1,200 ከነበረ አሁን 1,650 ማለት አለበት። ማንበብ ከከበዳቸው ቁጥሩን ብቻ ማየት ይልመዱ።

ብር ሲያስገቡ ወኪሉ ጥሬውን ይቀበልና ከራሱ የቴሌብር ሂሳብ ወደ እሳቸው ያስተላልፋል። ሲያወጡ ተቃራኒው ነው። ወኪሉ አንዳንዴ «የለም» የሚለው ለዚህ ነው፦ ብዙ ሰው ሲያስገባ ውሎ ከሆነ መሳቢያው ሞልቶ የስልኩ ሂሳብ ያልቅበታል፣ ብዙ ሰው ሲያወጣ ከዋለ ደግሞ ጥሬው ያልቅበታል። እናትሽ የዓሣ መግዣ ጥሬ ብር ማለዳ የሚፈልጉ ከሆነ ዋዜማውን ማታ ያውጡ። የማውጫ ክፍያው ከሂሳባቸው ላይ ስለሚቆረጥ ያለውን በሙሉ ላውጣ ቢሉ አይሳካም፤ ትንሽ ይተዉ። ሲያስገቡ መልእክቱ ሳይደርሳቸው ከወኪሉ ፊት አይሂዱ። ሲያወጡም የሚስጥር ቁጥሩን ራሳቸው ይንኩ እንጂ ስልኩን «አንተ አድርግልኝ» ብለው አይስጡ።

በባለቁልፍ ስልክ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ቦታ አለ። ዝርዝሩ ላይ ሲዘገዩ ገጹ በራሱ ይዘጋል። ሰውየው አልሄደም ብሎ ይደግመዋል፣ በኋላ ሲታይ ሁለቴ ሄዷል። ገጹ በተዘጋ ቁጥር ከመድገም በፊት ቀሪ ሂሳብ ይታይ። ለተሳሳተ ቁጥር ከተላከም መልእክቱን ሳያጠፉ ወዲያው 127 ደውለው የግብይት ቁጥሩን ይንገሩ። ተቀባዩ ካወጣው በኋላ ማስመለሱ ከባድ ነው።

የሚጠቅማቸውን በተመለከተ፣ ለዘመድ መላክ፣ ካርድ መሙላትና የመብራት ሂሳብ መክፈል ሁሉም የሚያውቀው ነው። ባንክ ለሌለው ሰው ከዚህ የሚበልጠው ብድሩ ይመስለኛል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከተጀመረ ከአንድ ዓመት ትንሽ ከፍ ብሎ ከዳሸን ባንክ ጋር መላ የሚባል አነስተኛ ብድር፣ ሳንዱቅ የሚባል ቁጠባ፣ ሂሳብ ሲያንስ የጎደለውን የሚሞላ እንደኪሴ የሚባል አገልግሎት መጥቷል። መላ የቤት ካርታ ወይም ዋስ አይጠይቅም፤ የሚያየው በዚያ ቁጥር የተደረገውን እንቅስቃሴ ነው። እናትሽ ሽያጫቸውን በራሳቸው ቁጥር ከተቀበሉ ታሪኩ ለእሳቸው ይጠራቀማል። ደንበኛው በአንቺ ቁጥር ከላከ ግን ለብድር ብቁ የምትሆኚው አንቺ ነሽ፣ ዓሣ የሚጠብሱት እሳቸው ሆነው። ብድሩ በጊዜው ካልተመለሰ ቅጣት እንዳለው፣ ቀጣዩንም እንደሚያስከለክል ሳትነግሪያቸው አታስጀምሪያቸው። መጀመሪያ ሲወስዱ በሁለት ቀን ሽያጭ የሚመለስ መጠን ይበቃል።