የዓመቱን ዕቅድ በ52 ከማካፈልሽ በፊት

«ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ አሥራ ሁለት ሴቶች ሆነን ከመስከረም ጀምሮ የዓመት ቁጠባ ይዘናል። ገንዘቡ የሚገባው በየራሳችን ሂሳብ ነው፤ ዕቅዱም የየራሳችን ነው። እኔ በየሳምንቱ ዓርብ በቴሌግራም ቡድናችን ‹መቆጠብ እንዳትረሱ› ብዬ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ሁሉም ይመልስ ነበር፤ አሁን አንብበው ዝም ይላሉ። መልእክቱን ላብዛው ወይስ ልቀንሰው? ምን ብዬስ ልጻፍ?»

እህቴ፣ እኔም እዚሁ ሐዋሳ የአንድ ቁጠባ ቡድን ጸሐፊ ነኝ፤ ከሥራዬ ትልቁ ክፍል ይኸው መልእክት መላክ ነው። መልእክቱን ማብዛትም መቀነስም አይደለም መፍትሔው። መጀመሪያ በመልእክቱ ውስጥ ያለውን ቁጥር አስተካክዪ። አንብቦ ዝም የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ረስቶ አይደለም። የተባለው ገንዘብ በዚያ ሳምንት በእጁ የለም፤ የለኝም ብሎ መጻፍ ደግሞ ያሳፍረዋል።

የአንዲት አባላችንን ሂሳብ ላሳይሽ። እርጎና ወተት ትሸጣለች፤ ዕቅዷ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 26,000 ብር አጠራቅማ ያገለገለ ፍሪጅ መግዛት ነበር። 26,000 ለ52 ሲካፈል 500 ይወጣል፤ ለዓይን የሚያምር ቁጥር ነው። የእሷ ዓመት ግን 52 እኩል ሳምንታት የሉትም። በመስከረም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና የልጆች ደብተር ይደራረባሉ፤ ከዚያ ላይ ብር ማትረፍ አይታሰብም። የገናና የፋሲካ ሳምንትም እንዲሁ ናቸው። የገና ጾም ስድስት ሳምንት ገደማ፣ ሁዳዴ ደግሞ ስምንት ሳምንት ገደማ ገበያዋን ይቀንሱታል። ከተማችን ውስጥ ፕሮቴስታንቱ ብዙ ስለሆነ በጾም የእርጎ ገበያ ጨርሶ አይሞትም፤ ሌላ ከተማ ብትሆን ምናልባት ሌላ ስሌት ያስፈልጋት ነበር። ስለዚህ እነዚያን አሥራ አራት የጾም ሳምንታት እንደ ግማሽ ሳምንት ቆጠርናቸው። አምስቱን የበዓል ሳምንታት ነጻ አደረግናቸው። በዚህ ላይ መቼ እንደሚመጣ ለማይታወቅ ሕመም፣ ለቅሶ ወይም የቤት ኪራይ ጭማሪ ሦስት የመጠባበቂያ ሳምንታት ጨመርን።

እንግዲህ 30 ሙሉ ሳምንታት ቀሩ፤ አሥራ አራቱ ግማሾች ሲደመሩ ሰባት ይሆናሉ፤ በድምሩ 37። 26,000 ለ37 ሲካፈል ከ700 ብር ጥቂት ይበልጣል። በሙሉ ሳምንት 700፣ በጾም ሳምንት 350 ብር ብለን ያዝን፤ ይህ 25,900 ይሞላል፤ የጎደለችውን 100 ብር ከመጨረሻው ሳምንት ጋር ታስገባለች። 700 ከ500 የከበደ ይመስላል። ነገር ግን 700 የተጠየቀችው 700 ማውጣት በምትችልበት ሳምንት ብቻ ነው።

የዚህ ስሌት ጥቅም የሚታየው ነገር ሲበላሽ ነው። ጥር ሲያልቅ፣ በ21ኛው ሳምንት ላይ፣ በዕቅዱ መሠረት 9,800 ብር ሊኖራት ይገባ ነበር። ልጇ ታሞባት ሦስት ሙሉ ሳምንታት ምንም ስላላስገባች 7,700 ብቻ ነበራት። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን «2,100 ብር ወደኋላ ቀርተሻል» ብሎ ይጽፍላት ነበር። እኔ የጻፍኩላት ግን «ሦስቱን የመጠባበቂያ ሳምንታት ተጠቅመሻል፤ ዕዳ የለብሽም፤ የዚህ ሳምንት 700 ነው» ብዬ ነው። ላጽናናት ብዬ የፈጠርኩት ቃል አይደለም፤ ሂሳቡ ራሱ የሚለው ይህንኑ ነው። ሦስቱ ሳምንታት ከመጀመሪያውም ዜሮ ተብለው ተቀምጠው ነበር።

መጠባበቂያው አልቆ አራተኛ ሳምንት ቢዘለልስ? ያኔ የቀረውን ገንዘብ ለቀሩት ሳምንታት እንደገና ታካፍያለሽ። 18,300 ብር ቀርቷታል፤ ከፊቷ 21 ሙሉና 8 ግማሽ ሳምንታት አሉ፤ ማለትም 25። ሲካፈል 732 ይሆናል። ከ700 ወደ 732 መውጣት ማንንም አያስደነግጥም። ያለፈውን 700 በዚህ ሳምንት ላይ ደርበሽ 1,400 ብለሽ ብትጽፊላት ግን መልእክትሽን መክፈት ታቆማለች። ብዙ ቡድኖች ውስጥ ሰው የሚጠፋው በዚህች ቦታ ይመስለኛል፦ ያለፈው ሳምንት በሚቀጥለው ላይ፣ እሱም በሌላው ላይ ሲደረብ።

አሁን ወደ መልእክቱ። «መቆጠብ እንዳትረሱ» ለሁሉም የተጻፈ ስለሆነ ማንም ለእኔ ነው ብሎ አይወስደውም። በቦሊቪያ፣ በፔሩና በፊሊፒንስ ባንኮች ደንበኞች ላይ የተደረገ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ማስታወሻ መልእክት ቁጠባን ጨምሯል፤ ጭማሪው ግን ትንሽ ነበር። የተሻለ የሠራው ሰውየው የሚቆጥብበትን ጉዳይና የሚያገኘውን ማበረታቻ አብሮ የጠቀሰው ነው። በማስፈራራትና በማበረታታት አነጋገር መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ስለዚህ «ካልቆጠብሽ ትጎጃለሽ» እያልሽ አትድከሚ፤ የፍሪጁን ስም ጥሪ። ለእርጎ ነጋዴዋ የሄደው መልእክት ይህ ነበር፦

«ለፍሪጁ 7,700 ብር ገብቷል። የዛሬው 700 ሲጨመር 8,400 ይሆናል። ‹ገባ› ወይም ‹ዘለልኩ› በይኝ።»

«ዘለልኩ» የሚለውን አማራጭ አትተዪው። ዝምታን የሚሰብረው እሱ ነው፤ መዝለል የተፈቀደ መልስ ሲሆን ሰው ከመጥፋት ይልቅ ይመልሳል፤ አንቺም ሂሳቡን ታስተካክዪላታለሽ። ርዝመቱንም ልብ በይ። በቁልፍ ስልክ ለሚጠቀሙ አባላት በአጭር የጽሑፍ መልእክት ስትልኪ፣ በፊደላችን የተጻፈ አንድ መልእክት የሚይዘው ክፍት ቦታና ነጥብን ጨምሮ 70 ምልክት ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ይህኛው 70 ውስጥ ይገባል። ሰላምታውን ያልጨመርኩት ለዚህ እንጂ ከባለጌነት አይደለም።

የትኛውን ቁጥር እንደምትጽፊም ለውጥ ያመጣል። ሚንጁንግ ኩ እና አየለት ፊሽባክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳዩት፣ ሰው ወደ ግቡ ሲሄድ ከተሠራውና ከቀረው ትንሹን ሲያይ የበለጠ ይበረታል። ስለዚህ እስከ ግማሹ ድረስ የገባውን ጻፊ፤ ገና 2,100 ብር ላላት ሴት «23,900 ቀረሽ» ማለት ተስፋ ማስቆረጥ ነው። 13,000 ካለፈች በኋላ ገልብጪው፤ «5,000 ቀረ»፣ «3,600 ቀረ» እያለ ይውረድ። አስቸጋሪው መሐሉ ነው፤ እዚያ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ትልልቅ ናቸው። ለዚያ ጊዜ ቅርብ የሆነ ቀን ስጫት። የእኛዋ ከጥር መጨረሻ በኋላ ሁዳዴ እስኪገባ ሦስት ሙሉ ሳምንታት ነበሯት፤ ከዚያ ስምንት የጾም ሳምንታት ተከተሉ፤ 2,100 እና 2,800 ማለት ነው። በእነዚያ ሳምንታት ስለ 26,000 አንድም ጊዜ አልጻፍኩላትም። የጻፍኩት «እስከ ፋሲካ 12,600» ብቻ ነበር።

የዓርብ ነገር። ዓርብ ለአንቺ ይመችሽ ይሆናል፤ ጥያቄው ግን ብሩ በእያንዳንዷ እጅ የሚገኘው መቼ ነው የሚለው ነው። እርጎ ነጋዴዋ ቅዳሜ ማታ ሂሳቧን ስትዘጋ፣ አንድ ሰዓት ገደማ፣ መልእክቱ ይደርሳታል፤ ስልኩ በእጇ ስለሆነ እዚያው በቴሌብር ታስገባዋለች። እሑድ ጠዋት ቢደርሳት ግማሹ ለሰኞ ወተት ተከፍሎ ይገኛል። በወር ደመወዝ የምትኖር፣ ለምሳሌ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ አባል ካለችሽ ደግሞ በየሳምንቱ አስገቢ ማለት ትርጉም የለውም። ደመወዝ በገባበት ቀን የወሩን በአንድ ጊዜ ታስገባ፤ በቀሩት ሳምንታት ያለችበትን ብቻ ንገሪያት። በቴሌግራም ለእያንዳንዷ ለየብቻ የምትጽፊ ከሆነ የመላኪያውን ምልክት ተጭነሽ ስትቆዪ ቀንና ሰዓት የምትመርጪበት ይመጣል፤ የወሩን ሁሉ በአንድ ምሽት አዘጋጅተሽ ማስቀመጥ ትችያለሽ። ነጻ በሆኑት የበዓል ሳምንታት «በዚህ ሳምንት የሚጠበቅብሽ ነገር የለም፤ መልካም በዓል» ብለሽ ላኪ። ይህች መልእክት ከሁሉም በላይ የምትወደድ ናት።

ወደ ቡድኑ የሚጻፈውና ለብቻ የሚላከው ይለያይ። የማንም ሰው ገንዘብ መጠን በቡድኑ ውስጥ አይውጣ። እዚያ «ከ12 ሰው 9 አስገብተናል» ማለት ይበቃል፤ እሱም ቁጥሩ ሲበዛ ብቻ ነው። 4 ሰው ብቻ ባስገባበት ሳምንት ያንን መለጠፍ ለቀሩት ስምንት «አለማስገባት የተለመደ ነው» ብሎ እንደመናገር ነው። ለብቻ የሚላከውም ቢሆን የስልኩ መስታወት ላይ ሌላ ሰው ሊያነበው ስለሚችል፣ ገንዘቡ በመልእክቱ እንዲጠቀስ ትፈልግ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂያት፤ ካልፈለገች በብር ፋንታ የሳምንት ቁጥር ጻፊላት። ሁልጊዜም ከአንድ ስልክ ቁጥር ላኪ፤ ማያያዣ አትላኪ፤ የሚስጥር ቁጥር ደግሞ በምንም ምክንያት አትጠይቂ። እንዲህ ከለመዱ አጭበርባሪ በስምሽ ሲጽፍላቸው ልዩነቱን ያውቁታል።

መሥራቱን የምታውቂው በመልስ ብዛት አይደለም። መልእክቱ በሄደበትና ገንዘቡ በገባበት መካከል ያለውን ጊዜ ተመልከቺ። በዚያው ምሽት የሚገባ ከሆነ ሠርቷል ማለት ነው። ከመልእክቱ በፊት ቀድማ የምታስገባ ካለች አያስፈልጋትም፤ የወር አንድ ጊዜ ይበቃታል። ሁለት ቀን ቆይቶ የሚገባ ከሆነ ሰዓቱ ተሳስቷል፤ ቃሉን ሳትነኪ ሰዓቱን ቀይሪ። ሦስት ሳምንት በተከታታይ «ዘለልኩ» ያለችን ሴት ግን መልእክት አይመልሳትም፤ ገቢዋ ወርዷል ማለት ነው። ደውዪላትና አብራችሁ ዕቅዱን ቀንሱ፤ ፍሪጁ ለሚቀጥለው ዓመት ይሻገር፤ የገባው ብር እንደሆነ አይጠፋም።

ሥራው ያለው አሥራ ሁለቱን ወረቀት መሙላት ላይ ነው። ከእያንዳንዷ ጋር ግማሽ ሰዓት ተቀምጠሽ የሚከብዷትን ሳምንታት በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጊ፤ ስለ በዓል ብቻ አትጠይቂ፤ ዕድርና ዕቁብ የምትከፍልበትን ቀንም ጠይቂ። ዓመቱ ስለተጀመረ ከመስከረም አትነሺ፤ ዛሬ ካላት ገንዘብና ከቀሯት ሳምንታት ጀምረሽ አስይው።