«በዚህ ወረዳ አልተጠናም» ማለት ለምን አይበቃም፦ ለግብርና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች

ውድ ተማሪዎች፣

ኮምቦልቻ ሆኜ የምታመጡልኝን የምርምር ፕሮፖዛል ሳነብ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የጥናቱ ምክንያትና ፋይዳ የሚጻፍበት ክፍል ነው። የሙከራው ዘዴ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ምክንያቱ ግን «በዚህ ወረዳ እስካሁን ጥናት አልተካሄደም» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ያልተጠና ቀበሌ በየወረዳው ሞልቷል። ገምጋሚው ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ቦታ የተገኘው ውጤት ለዚህኛው ማሳ የማይበቃው ስለምን እንደሆነ ነው።

በቃሉ ወረዳ ቆላማ ቀበሌዎች ለማሾ የሚስማማውን የኤንፒኤስ ማዳበሪያ መጠን ሊያጠና የተነሣ ተማሪን እንውሰድ። ረቂቁ «ማሾ ጠቃሚ የጥራጥሬ ሰብል ነው፤ ምርታማነቱ በአፈር ለምነት መቀነስ ምክንያት ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህ ይህ ጥናት አስፈላጊ ነው» ይላል እንበል። ማሾ የሚለውን ቃል አውጥታችሁ ሽምብራ ብታስገቡበት የሚፈርስ ነገር የለም፤ ጽሑፉ ስለዚህ ሰብልና ስለዚህ ቦታ ምንም እንዳልተናገረ የሚታወቀው በዚህ ነው።

አሁን ከገበሬው ውሳኔ እንነሣ። በሐርቡ አካባቢ በሚያዝያ የተዘራ ማሽላ ዝናብ አጥሮት ሲቀር፣ ገበሬው በሐምሌ ማሳውን ገልብጦ ቶሎ የሚደርስ ሰብል ይዘራል፤ ከእነዚህም አንዱ ማሾ ነው። እንዲህ ያለው ማሾ የሚያገኘው እርጥበት አጭር ስለሆነ፣ ረዘም ያለ ዝናብ ባለበት አካባቢ የተመከረው የማዳበሪያ መጠን እዚህ ወጪውን ላይመልስ ይችላል። የጥናቱ እውነተኛ ምክንያት ይህ ነው፤ ሆኖም ከመጻፋችሁ በፊት ከገበሬዎቹ፣ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛውና ከአካባቢው የዝናብ መዝገብ ልታረጋግጡት ይገባል፤ በመረጃ ያልተደገፈ ምክንያት በመጀመሪያው የገምጋሚ ጥያቄ ይወድቃል።

ሁለተኛው ችግር ምክንያቱና ሙከራው የማይገጣጠሙ መሆናቸው ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ የምቆምበት እዚህ ላይ ነው። ተማሪው «የአፈሩ ፎስፎረስ አነስተኛ ነው» ብሎ ይጀምርና በሄክታር 0፣ 50፣ 100 እና 150 ኪሎ ኤንፒኤስ ሊሞክር ያቅዳል። ኤንፒኤስ ግን 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ የፎስፎረስ ኦክሳይድና 7 በመቶ ሰልፈር የያዘ በመሆኑ፣ በየ50 ኪሎው ሦስቱም ንጥረ ነገሮች አብረው ይጨምራሉ፤ ምርቱ ቢያድግ የትኛው እንዳሳደገው መለየት አይቻልም። ጥያቄው በእርግጥ ስለ ፎስፎረስ ከሆነ ናይትሮጅንና ሰልፈር የሌለበትን ትሪፕል ሱፐር ፎስፌት መጠቀም፣ አስቀድሞም የአፈር ናሙና አስመርምሮ እጥረቱ መኖሩን ማሳየት ያስፈልጋል። ለሁለተኛ ዲግሪ ግን እኔ የምመርጠው ምክንያቱን ማስተካከልን ነው፤ ገበሬው ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሚወስደው ኤንፒኤስን ከሆነ፣ «በዚህ አጭር ወቅት የትኛው የኤንፒኤስ መጠን ያዋጣል?» ብሎ መጠየቅ ከሙከራው ጋር በቀጥታ ይገጥማል።

ፋይዳውም የሚጻፈው ከዚሁ ጥያቄ ተነሥቶ ነው። «ለገበሬዎች፣ ለፖሊሲ አውጪዎችና ለተመራማሪዎች ይጠቅማል» ከማለት ይልቅ፣ ማን ውጤቱን ይዞ ምን እንደሚወስን ንገሩን። ለምሳሌ የ50 ኪሎ ኤንፒኤስ ዋጋ በሐርቡ ገበያ ከ60 ኪሎ ማሾ ዋጋ ጋር እኩል ነው እንበል፤ ትክክለኛውን ዋጋ በዘር ወቅትና በመኸር ጊዜ ራሳችሁ ጠይቃችሁ ትሞሉታላችሁ። ተጨማሪው ወጪ ከተመለሰ በኋላ የወጪውን ያህል፣ ማለትም መቶ በመቶ፣ ትርፍ ከተጠበቀ ምርቱ በሄክታር ቢያንስ 120 ኪሎ መጨመር አለበት። የሙከራ መደብ ምርት ከገበሬው ማሳ ስለሚበልጥ 10 በመቶ ይቀነሳል ብለን ብናሰላ ደግሞ የሚፈለገው ጭማሪ ወደ 133 ኪሎ ይጠጋል። ማሾ ፍሬው እኩል ስለማይደርስ በተደጋጋሚ ይለቀማልና የለቀማውም ጉልበት ወጪ ላይ ይታከላል።

ይህ ቁጥር በፋይዳው ክፍል ከገባ በኋላ የልማት ሠራተኛው ውጤቱን ምን ሊያደርግበት እንደሚችል ግልጽ ይሆናል፤ ጭማሪው ከዚያ በታች ከሆነ ገበሬው ተጨማሪውን ግማሽ ኩንታል እንዳይገዛ ይመክራል። «ማዳበሪያ መጨመር አያዋጣም» የሚለው ውጤትም ፋይዳ እንዳለው በዚሁ ይታያል። ቁጥሩ ለሙከራው ንድፍም መለኪያ ነው፤ ሦስት ድግግሞሽ ያለው ሙከራችሁ በሄክታር የ130 ኪሎ ልዩነትን ለይቶ ማሳየት የማይችል ከሆነ የጻፋችሁት ፋይዳ ሊገኝ አይችልምና፣ አማካሪያችሁን አነጋግራችሁ ድግግሞሹን ጨምሩ ወይም የመጠኖቹን ቁጥር ቀንሱ።

በአንድ ቦታና በአንድ ክረምት ብቻ የሚካሄድ ሙከራ ከሆነ፣ «ለደቡብ ወሎ ዞን የማዳበሪያ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል» የሚለውን አውጡትና «በሐርቡ አካባቢ ላሉ ተመሳሳይ ማሳዎች በቀጣይ ወቅት በገበሬዎች ማሳ ላይ የሚፈተሹ ሁለት መጠኖችን ይለያል» ብላችሁ ጻፉ።