«መግል» የታየ ነው ወይስ የተደመደመ?

ጥያቄ፦ «የራዲዮሎጂ ሪፖርቶችን ለሐኪሞችም ለታካሚዎችም በአማርኛ አዘጋጃለሁ። ቴክኒክ፣ ፋይንዲንግስ እና ኢምፕረሽን የሚባሉትን ሦስት ክፍሎች ምን ብዬ ልሰይማቸው? የመጨረሻውን ‹ስሜት› ብለው የተረጎሙ አይቻለሁ። ደግሞስ ግሥ መጨረሻ ላይ በሚመጣበት ቋንቋ ዋናውን ነገር እንዴት አስቀድማለሁ? የጻፍሁትን ናሙና አያይዣለሁ።»

መልስ፦ ከስሞቹ በፊት ናሙናዎን እንይ፤ ስያሜው ከዚያ በኋላ ይቀልላል። እንዲህ ይላል፦

«የሆድ ሲቲ ስካን በኮንትራስት ተነሥቶ፣ ጉበት፣ ጣፊያና ቆሽት ደህና ሆነው፣ በሐሞት ከረጢት ውስጥ ጠጠር ታይቶ፣ ግራ ኩላሊት ላይ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ውሃ የቋጠረ ከረጢት ተገኝቶ፣ ትርፍ አንጀቱ ወፍሮ በአጠገቡም የመግል ጥርቅም ስላለ የተቀደደ ትርፍ አንጀት ይመስላል።»

የሰዋስው ስሕተት አላገኘሁበትም። ነገር ግን ማሠሪያ አንቀጹ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም «ይመስላል»። ሌላው ሁሉ፣ የታካሚዋ ምስል መነሣቱን ጨምሮ፣ በቦዝ አንቀጽ ተቀጣጥሎ በዚያ አንድ ግሥ ላይ ተንጠልጥሏል። ቦዝ አንቀጽ ለተረት የተፈጠረ ይመስል ተረትን ያሳምራል፦ ሄዶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ፣ ነገረ። ሪፖርት ውስጥ ሲገባ ግን የተደረገውን፣ የታየውንና የታሰበውን በአንድ ክር ይሰፋቸዋል። አንባቢው የትኛው ሥራ፣ የትኛው ምስል፣ የትኛው ደግሞ የሐኪሙ ፍርድ እንደሆነ ለመለየት ስፌቱን መፍታት አለበት። የተቀደደ አንጀት ያላት ሴት እስከዚያ ትጠብቃለች።

ስለዚህ የምመክርዎ መለያ ማሠሪያ አንቀጹ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ቆርጠው እያንዳንዱን ቁራጭ በራሱ ግሥ ይሰሩት፤ ግሡ ራሱ ክፍሉን ይነግርዎታል። «ተነሣ»፣ «ተሰጠ»፣ «ተኛች» የሚል ከሆነ ሰው የሠራው ነውና የመጀመሪያው ክፍል ነው። «ይታያል»፣ «ወፍሯል»፣ «አልታየም» የሚል ከሆነ ምስሉ የሚመሰክረው ነውና ሁለተኛው ነው። «ነው»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ሊሆን ይችላል» የሚል ከሆነ ደግሞ ሦስተኛው ነው።

በዚህ መለያ ናሙናዎን ስፈትን አንድ ቃል አልገባ አለኝ፤ «መግል»። አንድ የራዲዮሎጂ ሐኪም ወዳጄን ጠየቅሁት። «እኔ መግል አይቼ አላውቅም» አለኝ፤ «የማየው ፈሳሽ ነው።» ነገሩን ሲያብራራልኝ፣ ምስሉ ላይ ያለው፣ ዳሩ በኮንትራስት፣ ማለትም ምስሉን ለማጉላት በሚሰጠው መድኃኒት፣ የደመቀ የፈሳሽ ጥርቅም ነው፤ ውስጡም ጥቃቅን የአየር ነጠብጣቦች አሉት። ያ ፈሳሽ መግል መሆኑን የሚነግረው የዳሩ መድመቅ፣ አየሩ፣ አጠገቡ ያለው የተቆጣ አንጀትና የታካሚዋ ትኩሳት አንድ ላይ ሲደመሩ ነው። እንግዲህ «መግል» የታየ ሳይሆን የተደመደመ ነው። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ «ፈሳሽ» ይባል፣ «መግል» ለሦስተኛው ይቆይ። «ካንሰር ታይቷል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ የሚታየው እባጭ ነው፣ ካንሰርነቱን የሚለየው ብዙ ጊዜ ከእባጩ የሚወሰድ ናሙና ምርመራ ነው።

አሁን ወደ ስሞቹ። ለመጀመሪያው «የአነሣሥ ዘዴ» ይበቃል፤ «ቴክኒክ» ቢሉም አንባቢ አይቸገርም። ለሁለተኛው «ግኝት» እየተለመደ ነው፤ እኔ ግን ቅር ይለኛል። ግኝት ውስጥ ተፈልጎ የተገኘ አዲስ ነገር አለ፤ «ጉበት ደህና ነው» የሚለውን ከሥሩ ስጽፍ ጉበት ጠፍቶ የተገኘ ይመስለኛል። «የታየው» ብለው ቢጽፉ ቀላልም ልክም ነው፤ ከ«አልታየም» ጋርም ይስማማል። «ግኝት» ለለመዱ ሐኪሞች የሚጽፉ ከሆነ ግን በዚህ ከማንም ጋር አይጣሉ።

የሦስተኛው ስም ክብደት አለው። «ስሜት» ስሕተት ነው፤ ሐኪሙ የተሰማውን እየነገረን አይደለም። «ግምት» ደካማ ነው፣ «አስተያየት» ደግሞ ተጨማሪ ሐሳብ ይመስላል። የቀሩት «መደምደሚያ» እና «ድምዳሜ» ናቸው። ሁለቱም ከ«ደመደመ» ይወጣሉ፤ ነገር ግን «መደምደሚያ» የጽሑፍን መዝጊያ ቦታ ያሳስባል። ጸሐፊው እዚያ ሲደርስ ያለውን ሁሉ በአጭሩ መድገም ይቃጣዋል፤ ሦስተኛው ክፍል የሚበላሸውም የሁለተኛው ቅጂ ሲሆን ነው። «ድምዳሜ» ግን ፍርዱን ራሱን ይሰይማል። የእኔ ምርጫ ይህ ነው።

ግሥ መጨረሻ ይመጣል ብለው የሰጉት ስጋት ግማሹ ልክ ነው። አማርኛ ማሠሪያውን ወደ ፊት አያመጣም፤ ሊያመጣ የሚሞክር ጽሑፍም ጆሮ ይሰብራል። ግን ጥፋተኛው ግሡ ሳይሆን ከፊቱ የሚከመረው ሸክም ነው። በናሙናዎ «የመግል ጥርቅም ስላለ» የሚለው ምክንያት ከፍርዱ በፊት መጥቷል፤ ለአማርኛ ይህ ተፈጥሯዊ ቅደም ተከተል ነው። ፍርዱን ለማስቀደም ምክንያቱን ቆርጠው «ለዚህም ምልክቱ…» ብለው በቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ያምጡት። ፍርዱ አጭር ከሆነ ግሡ ቢዘገይ አራትና አምስት ቃል ነው፤ ዓይን በአንድ ጊዜ ይይዘዋል።

ናሙናዎን እንደገና ስጽፈው እንዲህ ሆነ። መጠኖቹን ከላኩልኝ ዝርዝር ወስጃለሁ።

የአነሣሥ ዘዴ፦ ከድያፍራም እስከ ዳሌ ድረስ ሲቲ ስካን ተነሥቷል። ኮንትራስት በደም ሥር ተሰጥቷል፤ ምስሉ የተነሣው ከ70 ሰከንድ በኋላ ነው። በአፍ ኮንትራስት አልተሰጠም።

የታየው፦ የትርፍ አንጀቱ ውፍረት 13 ሚሊ ሜትር ነው። ግድግዳው ወፍሯል፤ ጫፉ አካባቢ ተቋርጧል። ውስጡ 8 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠጠር ይታያል። በዙሪያው ያለው ስብ ደፍርሷል። ከጎኑ ዳሩ በኮንትራስት የደመቀ፣ 4 በ3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የፈሳሽ ጥርቅም አለ፤ ውስጡ የአየር ነጠብጣቦች ይታያሉ። በቀረው ሆድ ውስጥ ነፃ አየር አልታየም። በሐሞት ከረጢት ውስጥ ጠጠር አለ፤ ግድግዳው አልወፈረም። ግራ ኩላሊት ላይ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ግድግዳው ስስ የሆነ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ። ጉበት፣ ጣፊያና ቆሽት ደህና ናቸው።

ድምዳሜ፦ 1. ትርፍ አንጀት ተቀድዶ 4 ሳንቲ ሜትር የሚሆን መግል ቋጥሯል። ለዚህም ምልክቱ የግድግዳው መቋረጥና ዳሩ የደመቀው፣ አየር ያለበት ፈሳሽ ነው። 2. የሐሞት ጠጠር አለ፤ የሐሞት ከረጢት መቆጣት ምልክት አልታየም።

የትርፍ አንጀቱ ውፍረት ከ6 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ሐኪሞች መጠራጠር ስለሚጀምሩ 13 ቁጥሩን እንዳለ ትቼዋለሁ። «ደፈረሰ» ያልሁትን እንደ ውሃ ያንብቡት፤ ጥርት ብሎ ይታይ የነበረው ስብ በጭረቶች ተበጥብጧል ማለት ነው። የኩላሊቱ ከረጢት ከድምዳሜው መቅረቱም ሆን ተብሎ ነው። እንዲህ ያለው ተራ ከረጢት የሚያስከትለው ሥራ የለም፤ ድምዳሜ ውስጥ ሦስተኛ ቁጥር ቢሰጠው አንባቢው ሥራ ያለው ይመስለዋል። በአንጻሩ እዚያው ኩላሊት ላይ ደንዳና እባጭ ታይቶ ቢሆን ኖሮ፣ ታካሚዋ የመጣችው ለሌላ ሕመም ቢሆንም፣ ከሐሞቱ ጠጠር በፊት ሁለተኛ ይሆን ነበር። ቅደም ተከተሉ የሚለካው ዛሬ እርምጃ በሚፈልገው፣ ቀጥሎም ክትትል በሚፈልገው ነው።

በ«የታየው» ክፍልም የታመመውን አካል አስቀድሜያለሁ። በዚህ ላይ ሐኪሞች ይለያያሉ። ወዳጄ ሁልጊዜ ከጉበት ይጀምራል፤ በአንድ መንገድ ካልሄደ አንዱን አካል ዘልሎ ማለፍን ይፈራል። ስጋቱ እውነተኛ ነው፣ ልማዱን አያስተዉት። ድምዳሜው ላይ ግን እንዲህ ያለ ምርጫ የለም፤ ተረኛው ሐኪም በሌሊት መጀመሪያ የሚያነበው የዚያን ክፍል አንደኛ መስመር ነው።

«ይመስላል» የሚለውንም አውጥቻለሁ። ይህ ግሥ ሁለት ፊት አለው፤ «እባጭ ይመስላል» ሲባል መልኩ እባጭን ይመስላል ማለት ነው ወይስ እባጭ ነው ብዬ አስባለሁ? ግድግዳው ተቋርጦ፣ አየር ያለበት ፈሳሽ አጠገቡ ተቀምጦ «ይመስላል» ማለት ቀዶ ሐኪሙ ያለ ምክንያት እንዲያመነታ ማድረግ ነው። እርግጠኛ ሲሆኑ በቀጥታ ይንገሩ። ጥቂት ጥርጣሬ ሲኖር «ሳይሆን አይቀርም» የሚል ጥሩ መሣሪያ አለን፤ በሁለት አሉታ የቆመ ነገር ግን ወደ አዎንታ ያዘነበለ ነው። ክፍት ለሆነው ደግሞ «ሊሆን ይችላል»። ሦስቱን በአንድ ሪፖርት ውስጥ እያፈራረቁ ለማሳመር አይጠቀሙባቸው፤ አንባቢው ልዩነታቸውን እንደ መጠን ያነብባልና።

አሉታውም ደረጃ አለው፤ እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ክፍል ዋጋ የሚያወጣው። «የለም» ስለ አካሉ ይናገራል፣ «አልታየም» ስለ ምስሉ፣ «ሊታይ አልቻለም» ስለ አነሣሡ። ይህች ሴት ያለ ኮንትራስት ተነሥታ ቢሆን የፈሳሹ ዳር መድመቁ የሚታይበት መንገድ አልነበረም። ያን ጊዜ «የደመቀ ዳር አልታየም» ብሎ መጻፍ ቃል በቃል እውነት፣ በትርጉሙ ግን ማሳሳት ነው፤ አንባቢው ተፈልጎ የታጣ ይመስለዋልና። ትክክለኛው «ኮንትራስት ስላልተሰጠ ዳሩ ሊታይ አልቻለም» ነው። የላኩልኝ ገጽ «አልታየም» በሚልባቸው ቦታዎች ሁሉ ወደ አነሣሡ ዘዴ ተመልሰው፣ በዚያ ዘዴ ሊታይ ይችል እንደነበር ሐኪሙን ይጠይቁ።

የቀረው አንድ መስመር ነው። እንዲህ ያለ ውጤት ሲገኝ ሐኪሙ ሪፖርቱ እስኪደርስ ሳይጠብቅ ለሚያክመው ባልደረባ ይደውላል፤ መደወሉም በድምዳሜው ሥር ይጻፋል። እርስዎ «ለሐኪሙ እንዲነገር» ብለው ጽፈውታል። ይህ ትእዛዝ ነው፤ ማን እንደሚፈጽመው አይታወቅም። የተፈጸመ ከሆነ «ለተረኛው ቀዶ ሐኪም ከሌሊቱ 8፡40 በስልክ ተነግሯል» ይበሉ፤ ካልተፈጸመ መስመሩን ባዶ ትተው ሐኪሙን ስልክ እንዲያነሣ ያሳስቡ።