የ«ቅልቅል» ክሬም ጣጣ፣ ማድያትና የብጉር ጥቁረት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (የ27 ዓመት ሴት፣ አዲስ አበባ)፦ ብጉር ትቶብኝ ለሄደው ጥቁር ነጠብጣብ ከአንድ ሱቅ «ቅልቅል» ገዝቼ አራት ወር ተቀባሁ። በሁለት ሳምንት ፊቴ ጥርት ብሎ ሰው ሁሉ ምን ተቀባሽ እያለ ይጠይቀኝ ነበር። አሁን ሁለት ቀን ከዘለልኩ ፊቴ በርበሬ የተቀባ ያህል ያቃጥለኛል፣ ይቀላል፣ ጥቃቅን ብጉር ያወጣል። ክሬሙ ሲያልቅብኝ ቆዳዬ «ተጋለጠ» ማለት ነው?

መልስ፦ እኔ ፋርማሲስት እንጂ የቆዳ ሐኪም አይደለሁም፤ እንዲህ ያለ ፊት ግን በመስኮቴ ብዙ አይቻለሁ። በማሰሮ የሚሸጠው ቅልቅል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ነው። ሁለቱም ጠንካራ ስቴሮይዶች፣ ማለትም የቆዳ ቁጣን የሚያፍኑ መድኃኒቶች ናቸው። ክሎቤታሶል ከሁሉም የበረታው ሲሆን ለወፍራም የእጅና የእግር ችፌ እንኳ ሐኪም የሚያዘው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት ላልበለጠ ነው፤ ፊት ላይማ ጭራሽ አይመከርም።

በሁለት ሳምንት ያየሽው ጥራት አንደኛ የደም ስሮችሽ ስለተኮማተሩ፣ ሁለተኛ የብጉሩ ቁጣ ስለታፈነ የመጣ ነው። ቆዳሽ ግን ስቴሮይዱን ለመደው። ሲቀርበት ተኮማትረው የነበሩት ስሮች በአንዴ ይከፈታሉ፣ ታፍኖ የነበረው ቁጣ ይመለሳል፣ ስለዚህ ያቃጥላል። መልሰሽ ስትቀቢው በሰዓታት ውስጥ ይበርዳል። ብዙ ሴቶች «ለቆዳዬ የተስማማኝ ይሄ ነው» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። የተስማማ ሳይሆን የታሰረ ነው።

ራስሽን በመስታወት እይ። ጉንጭና አፍንጫ አጠገብ ቀጫጭን ቀይ ክሮች የመሰሉ የደም ስሮች ታይተዋል? አገጭና ጉንጭ ላይ ጸጉር በዝቷል? ከንፈር ዙሪያ ጥቃቅን ቀይ ሽፍታ ወጥቶ፣ ከንፈሩ ጠርዝ ላይ ግን ጠባብ ንጹሕ መስመር ቀርቷል? ከእነዚህ ሁለቱ ካሉ ስቴሮይድ ነበረበት ብዬ ለመወራረድ አልፈራም።

ማሰሮውን ይዘሽ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ። ከዚያ በፊት የምትገዢውን ሁሉ አቁሚ፤ ሽታ በሌለው ቀላል ማለስለሻና በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ቆይ። መቆጣቱ ከጥቂት ሳምንት እስከ ጥቂት ወር ሊቆይ ይችላል፣ በመሐልም እየመጣ ይሄዳል። የከፋሽ የመሰለሽ ቀን ማሰሮውን መልሰሽ መክፈት ያምርሻል። ከከፈትሽው ግን ሌላ አራት ወር ቆይተሽ የምትመለሺው ወደዚያችው ቀን ነው።

አስተያየት (ነርስ)፦ እኛ ጋ ሐኪሙ በአንዴ አስቁሞ ሽፍታ ለወጣባቸው ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ቀስ በቀስ ማውረድ ጊዜ ማባከን ነው።

መልስ፦ እኔ የማውቃቸው ሁለት ሐኪሞች ደግሞ መጀመሪያ ወደ 1% ሃይድሮኮርቲሶን አውርደው ከዚያ ቀን እየዘለሉ ያስቆማሉ። ሁለቱንም መንገድ የተከተሉ ሲሻላቸው አይቻለሁ፣ ስለዚህ አንዱን ትክክል ሌላውን ስህተት አልልም። አንድ ነገር ግን ይለያል፦ ፊት ብቻ የተቀባችና ገላዋን በሙሉ ለወራት የተቀባች ሴት አንድ አይደሉም። ገላ በሙሉ ሲቀባ በአንድ ጊዜ ወደ 20 ግራም ክሬም ይጠፋል። የክሎቤታሶል ጣሪያ በሳምንት 50 ግራም መሆኑን ስታስቡ ቀኑ ሦስት ሳይሞላ ታልፋላችሁ። ያን ያህል ስቴሮይድ በቆዳ ሰርጎ ሲገባ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ የራሱን ሥራ ያቆማል። ድንገት ሲቀር ድካም፣ ማዞር፣ ማስመለስ ይመጣል። ገላዋን የተቀባች ሴት በራሷ አታቁም፤ ይህ ዕጢ የሚሠራውን ሆርሞን፣ ኮርቲሶልን፣ የሚለካ በጠዋት የሚወሰድ የደም ምርመራ ያስፈልጋታል።

ጥያቄ፦ ስቴሮይድ ማለት ጂም የሚወጋው አይደለም እንዴ? ወንድሜ ሲወስድ ጡንቻው እንጂ ፊቱ አልነጣም።

መልስ፦ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ሥራቸው ሌላ ነው። የጂሙ የወንድ ሆርሞን ዘመድ ነው፣ የክሬሙ የኮርቲሶል። የወንድምህን ጉዳይ ለሌላ ቀን ተወው፣ እሱም የራሱ ጣጣ አለው።

ጥያቄ (ቅልቅል የምትሸጥ)፦ እኛኮ ሁለት ትዩብ በአንድ ትልቅ ሎሽን ነው የምንበትነው። በጣም ይቀጥናል፣ ምን ይጎዳል?

መልስ፦ በግልጽ ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ፣ ብዙው ሻጭ ይሸሻል። ሒሳቡን እንሥራው። 25 ግራም የሚይዙ ሁለት ትዩቦች በ400 ግራም ሎሽን ሲገቡ ወደ 9 እጥፍ ይቀጥናል። ግን ስቴሮይድ 9 እጥፍ ቀጠነ ማለት ኃይሉም 9 እጥፍ ወረደ ማለት አይደለም፣ ብዙው ኃይል ይቀራል። በዚያ ላይ በማንኪያ ስታማስዪው እኩል አይዳረስም፤ የአንዷ ማሰሮ ታች ከላዩ ይበረታል። ሦስተኛውና ትልቁ ደግሞ፣ ቀጭን ነው ብላ ደንበኛሽ ገላዋን በሙሉ ጠዋት ማታ ትቀባዋለች። ብብትና ጭኗ ላይ የሚወጣው ሸንተረር መልኩ ሊደበዝዝ ይችላል እንጂ አይጠፋም። ጭርት ያለባት ከሆነች ደግሞ ማሳከኩ ይቆምና ጭርቱ ከሥር እየሰፋ ይሄዳል፣ ቅርጹም ተቀይሮ ሐኪሙን ያደናግራል።

ጥያቄ፦ ማንጫው ሃይድሮኪኖን ካንሰር ያመጣል፣ በአውሮፓም ለዚህ ነው የታገደው። ሐኪም ሲያዝልኝ አልቀበልም አልኩት፣ ልክ ነኝ?

መልስ፦ ግማሹን ልክ ነሽ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በቆዳ ማንጫ መዋቢያ ውስጥ ተከልክሏል፣ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። የካንሰሩ ጥርጣሬ የተነሣው ብዙ መጠን ከተመገቡ አይጦች ነው፤ በሰው ቆዳ ላይ ከተቀባ ክሬም ካንሰር መምጣቱ አልተረጋገጠም። የቆዳ ሐኪሞችን ይበልጥ ያስፈራው ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ከደቡብ አፍሪካ የወጣ ዘገባ ሃይድሮኪኖን ለዓመታት የተቀቡ ሴቶች ጉንጭ ከመንጣት ይልቅ ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁር እየሆነ መሄዱን ገለጸ። አገሪቱም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ ከመዋቢያ አገደችው።

ይህ ጉዳት አሳሳች ነው። ሴትዮዋ ማድያቴ ባሰ ብላ ክሬሙን ትጨምራለች፣ በጨመረች ቁጥር ይጠቁራል። መለያው ቀለሙ ነው። ማድያት ቡናማ ነው። ይሄኛው ግራጫ-ሰማያዊ ሆኖ ጉንጭ አጥንት ላይ ይቀመጣል፣ ሲነካም እንደ ጥቃቅን የጤፍ ፍሬ ይሻክራል። አንዴ ከመጣ በሌዘርም ለማንሣት አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ ሐኪምሽ ያዘዘልሽ 4% ሃይድሮኪኖን ማታ ማታ፣ ነጠብጣቡ ላይ ብቻ፣ ለሦስት ወር ገደማ ከሆነ እኔ አልፈራውም። ሦስት ወር ሞልቶ ለውጥ ከሌለ ግን ተመልሰሽ ጠይቂው እንጂ አትቀጥዪ። ክሬሙ ቡናማ ከሆነ አየር በልቶታልና ጣዪው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለው የብጉር ክሬም ከላዩ አትደርቢ፣ ቆዳን ለጊዜው ጥቁር ቀለም ያስይዘዋል። ሱቅ ውስጥ መጠኑ ሳይጻፍ የሚሸጠውን ግን ስሙን እንኳ አታንሺብኝ።

ጥያቄ (ነፍሰ ጡር፣ አምስተኛ ወር)፦ ግንባሬና ጉንጬ ላይ ማድያት ወጣብኝ። እናቴ ሎሚ ቀቢበት ትላለች።

መልስ፦ እናትሽን ሰላም በዪልኝ፣ ግን ሎሚው ለሰላጣ ይሁን። የሎሚ ጭማቂ የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ከነበረው የበለጠ ጥቁር ጠባሳ ሊተው ይችላል።

በእርግዝና የመጣ ማድያት ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ በወራት ይደበዝዛል። እስከዚያ ሃይድሮኪኖንም፣ ትሬቲኖይንም፣ አዳፓሊንም አትንኪ። በእርግዝና ከሚፈቀዱት ውስጥ አዜላይክ አሲድ አለ፤ 15% ወይም 20% ሆኖ ይመጣል። ጠዋትና ማታ ስስ አድርገሽ ትቀቢያለሽ፣ መጀመሪያ ትንሽ ይቆነጥጣል። ለሐኪምሽ ነግረሽ ጀምሪ።

ከሁሉም በፊት ግን ፀሐይዋ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቆላ ካለችው ይልቅ ትለበልባለች። የጠይም ሰው ማድያት ደግሞ በዓይን በሚታየው ብርሃንም ይባባሳል፣ ተራ ነጭ ሰንስክሪን ይህን አይከላከልም። የሚከላከለው ቀለም የገባበት፣ የብረት ኦክሳይድ ያለው ነው። ሌባ ጣትና የመሐል ጣት ላይ እስከ ጫፍ የተሰመረ መጠን ለፊትና ለአንገት ይበቃል። ከሱ ጋር ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ። ጃንጥላ ስትይዢ የሚስቅብሽ ሰው ማድያት የለውም።

ጥያቄ (ወንድ፣ ሐዋሳ)፦ ታዲያ የብጉር ጥቁረት በምን ይለቃል? የሦስት ቀን መፍትሔ ስጡኝ፣ ሠርግ አለብኝ።

መልስ፦ ለሠርግህ ሜካፕ የሚሠራ ሰው ፈልግ፣ የሦስት ቀን መፍትሔ እሱ ብቻ ነው። ከሠርጉ በኋላ ግን እውነተኛውን ልንገርህ። አዲስ ብጉር እየወጣ የድሮውን ጥቁረት ማጽዳት አይቻልም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ብጉሩን አስቁም። 0.1% አዳፓሊን ማታ፣ የአተር ፍሬ ያህል፣ ለፊት በሙሉ፣ መጀመሪያ በሳምንት ሦስት ቀን። ብጉሩንም ጥቁረቱንም ይነካል። ጠዋት አዜላይክ አሲድ ወይም 5% ኒያሲናማይድ ትጨምራለህ፣ ከላዩ ሰንስክሪን። ቡናማው ጥቁረት በሦስት ወር መቅለል ይጀምራል፣ እስኪለቅ ግን ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ወደ ግራጫ ያደላው ጠለቅ ያለ ስለሆነ ከዚያም ይቆያል። ፊትህ ከተላጠና ካቃጠለህ ቀን ቀንስ፤ የተቆጣ ጠይም ቆዳ መልሶ ይጠቁራል። ብጉሩንም አትፈንዳው፣ ይህን ላንተ ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም ነው የምለው።

ጥያቄ (ከሪያድ የተመለሰች)፦ እዚያ የገዛሁት ምንም ያልተጻፈበት ማሰሮ አለኝ። ስቴሮይድ ይሁን ምን በምን አውቃለሁ? ሰሞኑን ሽንቴ አረፋ ያበዛል፣ ጠዋት ዓይኔ ሥር ያብጣል።

መልስ፦ አረፋውና እብጠቱ ባይኖር ኖሮ ስለ ስቴሮይድ እንጨዋወት ነበር። አንዳንድ ማንጫ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ አለ፣ ባዝቃ የምንለው። ኩላሊትን ሲነካ ከሚያሳያቸው ምልክቶች እነዚህ ሁለቱ ይገኙበታል። ሌላ በሽታም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ በግምት አንለፈው። ክሬሙን በወርቅ ቀለበት እያሹ መፈተን የሚባለው ማረጋገጫ አይሆንም፣ ባይጠቁርም ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ዛሬ አቁሚ። ነገ የሽንት ፕሮቲንና የኩላሊት የደም ምርመራ አድርጊ፣ ለሐኪሙም ክሬም እንደተቀባሽ ሳይጠይቅሽ ንገሪው፣ ካልነገርሽው አያስበውም። በአንድ አልጋ የሚተኛ ልጅ ካለሽ እሱንም ውሰጂው፤ ሜርኩሪ በፎጣና በአንሶላ ይሸጋገራል። ማሰሮውን አትጣዪ፣ ክዳኑን ግጥም አድርገሽ በሁለት ፌስታል ጠቅልለሽ ይዘሽው ሂጂ።